ክሪቲካል ያልኩት ሰርኪዩት ይወዛወዛል፤ ነገ ጠዋት ሌብ አለኝ

ፀደይ_3ኛ_ዓመት፦ እባካችሁ ቶሎ የሚመልስልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሌቤን አሳያለሁ። ሬዚስተር፣ ኮይል እና ካፓሲተር በሲሪየስ ነው ያገናኘሁት። ለክሪቲካል፣ ማለትም ሳይወዛወዝ ቶሎ እንዲረጋ የሚሆነውን ሬዚስተር አስልቼ ሰካሁት፤ ኦሲሎስኮፑ ላይ ግን የካፓሲተሩ ቮልቴጅ ከልኩ ያልፍና ይወዛወዛል። ስሌቱን ሦስት ጊዜ ደግሜዋለሁ። ኮይሉ ተበላሽቶ ይሆን? ሌላ ደግሞ አይሰጡኝም። ሌቡ የሚዘጋው ማታ 4 ሰዓት ነው።

ፊውዝ፦ እህቴ፣ አንድም ቁጥር አልጻፍሽም እኮ። የስንት ኮይል? የስንት ካፓሲተር? እንዲሁ በደፈናው ምን ብለን እንመልስልሽ።

ፀደይ_3ኛ_ዓመት፦ ይቅርታ፣ ተጣድፌ ነው። ኮይሉ 10 ሚሊሄንሪ፣ ካፓሲተሩ 10 ናኖፋራድ ነው። ሬዚስተሩ 500 ኦም ነው፤ ሁለት የ1 ኪሎ ኦም ፓራለል አድርጌ ነው ያገኘሁት። ከፋንክሽን ጄኔሬተሩ ከ0 እስከ 4 ቮልት የሚሄድ የ1 ኪሎኸርዝ ስኩዌር ዌቭ እሰጠዋለሁ። ጫፉ 5.5 ቮልት አካባቢ ይደርሳል፤ ከዚያ ሁለት ጊዜ ያህል ዝቅ ከፍ ብሎ 4 ላይ ይረጋል።

ሽቦ_ነቃይ፦ ፕሮቡ ነው። በእኛም ጊዜ እንዲሁ ነበር። ያልተስተካከለ ፕሮብ ስኩዌር ዌቭ ሲያይ ጫፉ ላይ ጉብ ይላል። ኦሲሎስኮፑ ፊት ለፊት ያለችው የማስተካከያ ጫፍ ላይ ንኪውና ፕሮቡ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በቀስታ አዙሪ። ሌላ ችግር የለብሽም።

ፀደይ_3ኛ_ዓመት፦ አሁን ነካሁት። ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው፤ ጉብታ የለውም።

የድሮ_መምህር፦ ልጄ፣ ኮይሉን ተይው። መጀመሪያ 500 ከየት እንደመጣ እንይ። ስገምት ያሰላሽው ½ ሲባዛ የL/C ስኩዌር ሩት ብለሽ ነው። ያ የፓራለል ሰርኪዩት ነው። የአንቺ ሲሪየስ ነው። ሁለቱ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ በየዓመቱ ሰው ይደናገርባቸዋል።

```
L = 10e-3
C = 10e-9
R_series   = 2*sqrt(L/C)     # 2000
R_parallel = 0.5*sqrt(L/C)   # 500
```

አራት እጥፍ ልዩነት ነው። ግን ቀመሩን ብቻ ቀይረሽ አትሂጂ፤ ነገ ፈታኙ ለምን ብሎ ይጠይቅሻል። ኮይሉና ካፓሲተሩ ጉልበቱን ይቀባበላሉ፤ የሚያባክነው ሬዚስተሩ ብቻ ነው። በሲሪየስ ኮይሉ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት ሁሉ በሬዚስተሩ ማለፍ ግዴታው ነው። ስለዚህ ሬዚስተሩ በጨመረ ቁጥር መወዛወዙ ቶሎ ይሞታል። በፓራለል ግን ሬዚስተሩ የጎን ማፍሰሻ ነው። ትልቅ ሲሆን ትንሽ ነው የሚያፈሰው፤ መወዛወዙም ይቀጥላል። እንግዲህ አንዱን ለማረጋጋት ሬዚስተሩን ትጨምሪያለሽ፣ ሌላውን ለማረጋጋት ትቀንሺያለሽ። ቀመር ሲጠፋብሽ ይህን ጠይቂ፦ ሬዚስተሩን በጣም ባሳድገው ይረጋጋል ወይስ ይብስበታል?

እኩልታውም የሚለው ያንኑ ነው፦ `L*q'' + R*q' + q/C = V`። ከዚህ የሚወጡት ሁለት ሩቶች ሪያል ሲሆኑ ሳይወዛወዝ ይወጣል፤ ኮምፕሌክስ ሲሆኑ ይወዛወዛል። አንቺ ያየሽው ሁለተኛውን ነው፤ ሰርኪዩቱ ትክክለኛ ስራውን እየሰራ ነው።

ፊውዝ፦ በአጭሩ 2 ኪሎ ኦም ስኪና ጨርሺ።

ቦርድ_ጠጋኝ፦ እኔ የላፕቶፕ ቦርድ እጠግናለሁ፤ ይሄ ነገር ገንዘብ አስከፍሎኛል። የ19 ቮልት አዳፕተር ነበር። አንድ ቦርድ መግቢያው ላይ ያለችውን ትራንዚስተር ደጋግሞ ይበላል። እቀይራለሁ፣ ይሰራል፤ ደንበኛው ቤቱ ሄዶ ሲሰካው እንደገና ይሞታል። በመጨረሻ ኦሲሎስኮፕ ተውሼ ስሰካው ጫፉን 34 ቮልት አካባቢ አየሁት። ረጅሙ ገመድ ኮይል ሆነ፣ ቦርዱ ላይ ያሉት ሴራሚክ ካፓሲተሮች ደግሞ ውስጣዊ ኦማቸው ከቁጥር የማይገባ ነው። ሬዚስተር በሌለበት እስከ እጥፍ ድረስ ይዘላል። የ47 ማይክሮፋራድ ተራ ኤሌክትሮላይቲክ ፓራለል አደረግኩላት። የኤሌክትሮላይቲኩ ውስጣዊ ኦም መወዛወዙን ገደለው። ከዚያ በኋላ ያ ቦርድ አልተመለሰም። አንቺም እሱን ሞክሪ፣ ኤሌክትሮላይቲክ ጨምሪበት።

ፊውዝ፦ ወንድሜ፣ እሷ ጥገና ላይ አይደለችም። ካፓሲተር ከጨመረች ስሌቷ በሙሉ ይበላሻል።

ቦርድ_ጠጋኝ፦ ልክ ነህ፣ የሌብ መሆኑን አላየሁም። ታሪኩ ግን ያው ራሱ ነው።

ኦሜጋ፦ ፀደይ፣ የሰጠሽው ቁጥር ራሱ ብዙ ይናገራል። ወረቀትና እርሳስ ያዢ።

4 ቮልት መሆን የነበረበት 5.5 ደረሰ። ትርፉ 1.5 ነው፤ ከ4 ጋር ሲነጻጸር 38 በመቶ ገደማ። ሰርኪዩትሽ ውስጥ ያለው 500 ኦም ብቻ ቢሆን ኖሮ ዳምፒንግ ሬሾው፣ ያለሽ ኦም ለክሪቲካሉ ኦም ሲካፈል፣ 500 ለ2000፣ ማለትም 0.25 ነው። በ0.25 ትርፉ 44 በመቶ መሆን ነበረበት፤ ጫፉም 5.8 ቮልት ገደማ። አንቺ ያየሽው ከዚያ ያንሳል። 38 በመቶ የሚሰጠው ሬሾ 0.295 አካባቢ ነው፤ ያ ማለት በጠቅላላው 590 ኦም።

እንግዲህ 90 ኦም ያልሰካሽው አለ። ከዚያ ውስጥ 50ው ፋንክሽን ጄኔሬተሩ ውስጥ ነው፤ መውጫው አጠገብ 50 ኦም የሚል ጽሑፍ ታያለሽ። ቀሪው የኮይሉ ሽቦ ነው። ኮይሉን ነቅለሽ በመልቲሜትር ለኪው። ከተበጠሰ መልቲሜትሩ ወሰን የለሽ ያሳይሻል፤ ያኔ ግን መወዛወዝም አይኖርም ነበር። ስለዚህ ኮይልሽ ደህና ነው።

ሌላው ማረጋገጫ ጊዜው ነው። ከጫፍ እስከ ቀጣዩ ጫፍ 66 ማይክሮሰከንድ ገደማ ካገኘሽ ኮይሉና ካፓሲተሩ የተጻፈባቸውን ያህል ናቸው። በጣም ከራቀ ከሁለቱ አንዱ ቁጥሩ ሌላ ነው።

ፀደይ_3ኛ_ዓመት፦ 66 ባይሆንም 68 አገኘሁ!! ኮይሉ 28 ኦም ነው። 50 ሲደመር 28 ግን 78 ነው፣ 90 አይደለም። 12ቱ የት ሄደ?

ሽቦ_ነቃይ፦ ብሬድቦርዱ ነው። የብሬድቦርድ ቀዳዳ ሲያረጅ ኦም ይይዛል።

ኦሜጋ፦ 12 ኦም የሚይዝ ቀዳዳ ቢኖር ሽቦውን ስትነኪው ምስሉ ይዘል ነበር። እኔ የምጠረጥረው የኮይሉን ኮር ነው። መልቲሜትር የሚለካው በዲሲ ነው፤ በ15 ኪሎኸርዝ ኮሩም ራሱ ጉልበት ይበላል።

የድሮ_መምህር፦ ኦሜጋ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። በ78 ሲሰላ ጫፉ 5.55 ቮልት ነው። በአንድ ቮልት በካሬ 5.5ን ከ5.55 በዓይን የሚለይ ሰው አላውቅም። ካፓሲተሩም 10 በመቶ ሊስት ይችላል፤ 68 ማይክሮሰከንዱ ከዚያ ይሆናል። ከንባብ ስህተት ውስጥ ኮር አትፈልግ።

ኦሜጋ፦ ሊሆን ይችላል። ካፓሲተሩን በሜትር ሳትለካ ሁለታችንም መጨረስ አንችልም።

ፊውዝ፦ እና 2 ኪሎ ኦም ትስካ ወይስ አትስካ?

ኦሜጋ፦ አትስካ። 78 ቀድሞ ውስጡ አለ፤ የቀረው 1922 ነው። 1.8 ኪሎ እና 120 ኦም በሲሪየስ ብትሰኪ 1920 ይሆናል። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። እስካሁን ክሪቲካል ስክሪን ላይ ጎልቶ የሚታይ መስሎሽ ከሆነ አይታይም። የ5 ኪሎ ፖቴንሽዮሜትር ካላቸው ወስደሽ ከትንሽ ጀምረሽ በቀስታ አዙሪው። ትርፉ እያነሰ እያነሰ ሄዶ የሆነ ቦታ ላይ ጠፋ ትያለሽ። ያ ቦታ ክሪቲካል አይደለም። ሬሾው 0.8 ላይ ትርፉ 1.5 በመቶ ነው፣ ከ4 ቮልት ላይ 60 ሚሊቮልት። 0.9 ላይ 6 ሚሊቮልት። ዓይንሽ የሚያቆመው ከ2000 በፊት ነው፤ 1600 እስከ 1800 አካባቢ። ሪፖርትሽ ላይ ለካሁት ያልሽው ከስሌቱ ካነሰ ሰርኪዩቱን አትውቀሺ፤ ምክንያቱን ጻፊው። ቁመቱን በካሬ ወደ 50 ሚሊቮልት ካወረድሽና 4 ቮልቱ ያለበትን ጫፍ ብቻ ካየሽ ትንሽ ትጠጊያለሽ።

ሽቦ_ነቃይ፦ እንግዲህ ክሪቲካል ካልታየ ምን ይጠቅማል? ፈጣኑ እሱ ነው ይሉናል።

የድሮ_መምህር፦ ሳያልፍ ከሚደርሱት ውስጥ ፈጣኑ እሱ ነው። 5 በመቶ ማለፍ ከተፈቀደልህ 0.7 ይቀድመዋል፤ ትርፉ 4.6 በመቶ ብቻ ነው። ፀደይ፣ ኦቨርዳምፕዱን ለማሳየት ደግሞ ፖቴንሽዮሜትሩን እስከ 5 ኪሎ አድርሺው። እዚያ ሁለቱ ሩቶች በጣም ይራራቃሉ። አንዱ በ2 ማይክሮሰከንድ ገደማ ያልቃል፤ ሌላው 48 ማይክሮሰከንድ ይጎትታል። 5 ኪሎን በ10 ናኖፋራድ ብታባዢ 50 ማይክሮሰከንድ ነው። ያ ማለት ኮይሉ ከጨዋታው ወጥቷል፣ የምታዪው ተራ የካፓሲተር መሙላት ነው። መነሻዋን አስፍተሽ ብታዪ ግን ከርቩ ከ0 ቀጥ ብሎ አይነሳም፤ ለጥቂት ማይክሮሰከንድ ተጋድሞ ነው የሚነሳው። የኮይሉ አሻራ ያ ነው። እሱን በፎቶ ያዢው።

ፀደይ_3ኛ_ዓመት፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ኦሜጋም። ፖቴንሽዮሜትር አገኘሁ፣ ግን የ10 ኪሎ ነው። እየሞከርኩ ነው፤ መብራት ሊያጠፉ 20 ደቂቃ ቀርቷል።

ኦሜጋ፦ ያም ይሆናል፣ ብቻ ትንሽ ስትነኪው ብዙ ይዘላል። ባቆምሽበት ቦታ ከሰርኪዩቱ ነቅለሽ ለኪው፤ እንደተሰካ ከለካሽው ጄኔሬተሩና ሌላው ይገባበታል። 78ን መደመር አትርሺ።

ፊውዝ፦ ስንት መጣ?

ቦርድ_ጠጋኝ፦ ኦሜጋ፣ ያንን 38 በመቶ ወደ 0.295 እንዴት እንደገለበጥከው ጻፍልኝ እስቲ። እኔም የአዳፕተሩን ገመድ ስንት ማይክሮሄንሪ እንደሆነ ላውቅበት።

ኦሜጋ፦ ይኸውልህ። os ማለት ትርፉ ነው፣ በመቶኛ ሳይሆን 0.38 ብለህ፤ log ደግሞ ናቹራል ሎግ ነው።

```
z = -log(os) / sqrt(pi**2 + log(os)**2)
```

ለገመዱ ግን ይሄ አይበቃህም። በሁለት ጫፎች መሃል ያለውን ጊዜ ለካና ካፓሲተሩን ካወቅህ ኮይሉን ከዚያ ታወጣለህ። ሴራሚኮቹ ቮልቴጅ ሲያርፍባቸው አቅማቸው እንደሚቀንስ አስብ፤ የተጻፈባቸውን አትመን።