ካርታው ላይ 180፣ ንድፉ ላይ 150

ሄለን (ዴንቨር)፦ ጤና ይስጥልኝ። ወንድሜ አዲስ አበባ ቤት አግኝቶ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን ፎቶ ላከልኝ። ስፋቱ 180 ካሬ ሜትር ይላል። ደላላው «ካርታው ንጹህ ነው፤ እስከ ዓርብ ቀብድ ይከፈል» እያለ ያጣድፈናል። ምን ልመልከት?

ብርሃኑ (ስቶክሆልም)፦ ባንክ ሲያበድር ዋናውን ካርታ ይይዛል። ስለዚህ ዋናው ሻጩ እጅ ካለ ዕዳ የለበትም ማለት ነው፤ አትጨነቂ።

ትዕግሥት (ዱባይ)፦ ቢጫ ካርድ ካለሽ መግዛት ትችያለሽ፤ እኔም በዚያው ነው የገዛሁት።

ሄለን፦ እኅቴ፣ የእኔ መብት ሳይሆን የሻጩ ወረቀት ነው ያሳሰበኝ።

ጋሽ መኮንን (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ክፍለ ከተማ ይዞታ አስተዳደር ውስጥ ዓመታት ሠርቻለሁ። ብርሃኑ ግማሹን ልክ ብሏል። ነገር ግን ፍርድ ቤት ሲያግድ ካርታውን ከባለቤቱ አይነጥቅም፤ የእግዱ ደብዳቤ ማኅደሩ ውስጥ ይገባል፣ ካርታው ግን ያው ነው። «ጠፋብኝ» ብሎ ምትክ ያወጣም አለ። ስለዚህ ሻጩ ራሱ ክፍለ ከተማ ሄዶ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ያውጣ፤ ወንድምሽም አብሮት ይሂድ። ያለፈው ዓመት ደብዳቤ ዋጋ የለውም፤ እግዱ ትናንት ገብቶ ሊሆን ይችላል። አሁን ግን የቦታውን ንድፍ ተመልከቺ፤ ጎኖቹ ስንት ናቸው?

ሄለን፦ አራት ማዕዘን ነው፤ 10 ሜትር በ15።

ጋሽ መኮንን፦ 150 ነዋ! 30 ካሬው ከየት መጣ? ቁጥር የሚፍቅ ሰው ብዙ ጊዜ ንድፉንና የማዕዘኖቹን ኮኦርዲኔት ይረሳል። ወንድምሽ ዋናውን ወደ ብርሃን ያንሣው፤ «8» ያለበት ቦታ ወረቀቱ ሳስቶ ወይም ቀለሙ ጠቁሮ እንደሆነ ይይ። የጸሐፊ ስህተትም ሊሆን ይችላልና ሰውየውን ሌባ አትበሉት፤ የሚለየው ማኅደሩ ነው።

ትዕግሥት፦ አሁን ገባኝ፣ ይቅርታ። የእኔ ሻጭ ካርታው በስሙ ብቻ ነበር። ሚስቱ ግን በትዳር ውስጥ ያፈራነው ነው፣ ሳልፈርም ተሸጠብኝ ብላ ከሰሰችን። ሁለት ዓመት ተንከራተትኩ። የጋብቻ ሁኔታውን ጠይቂ።

ሄለን (ከአራት ቀን በኋላ)፦ ሻጩ ማኅደሩን ሊያሳይ አብሮ ሄደ። እዚያ ያለው ቅጂ 150 ነው የሚለው። ሻጩ ደግሞ «30ውን ከጀርባ ያለው ክፍት ቦታ ላይ አጥሬ ነው፤ ከ20 ዓመት በላይ ይዤዋለሁ» ይላል። የዕዳና እገዳ ደብዳቤው ገና አልወጣም።

ብርሃኑ፦ በ150 ዋጋ ከሸጠላችሁ ምን አለበት?

ጋሽ መኮንን፦ ያጠረው መሬት ሌላ ጉዳይ ነው። በወንድምሽ እጅ ያለው ካርታ ላይ 180 ብሎ የጻፈው ማን ነው? ይህን ሳይመልስ ቀብድ አይከፈልም።

ሄለን፦ ጠየቅነው። «ካርታውን ያመጣው ደላላው ነው» አለ። ደላላው ስልክ አያነሣም።