ጥቆማ፦ ተራኪውና የቀረጻው ርዝመት ታሪኩን እንዴት እንደሚሠሩት የሚያሳይ የተፈጥሮ ዘጋቢ ፊልም የቱ ነው?

መምህርት
ጤና ይስጥልኝ። ተማሪዎቼን ስለ ተፈጥሮ ዘጋቢ ፊልሞች ላስተምር ተዘጋጅቻለሁና ጥቆማችሁን እሻለሁ። የምፈልገው የምስል ውበት የሚታይበት ሥራ አይደለም፤ የተራኪው ቃል ምስሉን ምን ያህል እንደሚለውጠው፣ ለወራት ወይም ለዓመታት የተካሄደ ቀረጻም ወደ አንድ ሰዓት ሲጠብ ተመልካቹ ሳያውቅ ምን እንደሚቀበል በግልጽ የሚያሳይ ነው። ያው ምስል በሁለት ትረካ የቀረበበት ካለ ደግሞ እሰየው። የክፍለ ጊዜው አጭር ስለሆነ አንድ ወይም ሁለት ትዕይንት ይበቃኛል።

ዘወትር ተመልካች
እ.ኤ.አ. በ2006 የተላለፈውን ፕላኔት ኧርዝን ይውሰዱ፤ ሌላ መፈለግ አያስፈልግዎትም። ዴቪድ አተንቦሮ የሚተርኩት ሁሉ በዓይናቸው ያዩትን ስለሆነ ድምፃቸው ብቻውን ማስረጃ ነው። ሌሎቹ ተራኪዎች የተሰጣቸውን ወረቀት ከማንበብ አያልፉም።

ቅንብር ክፍል
የሰውየውን ሥራ እኔም አከብራለሁ፤ ነገር ግን የጠቀሱት ግማሹን ብቻ ነው። በ1979 በተላለፈው ላይፍ ኦን ኧርዝ እሳቸው ራሳቸው ከካሜራው ፊት ነበሩ፤ በሩዋንዳ ተራሮች ከጎሪላዎች መካከል የተቀመጡበት ትዕይንትም ለዚህ ምስክር ነው። በፕላኔት ኧርዝ ግን የሚሰማው ድምፃቸው ብቻ ነው። እንዲህ ባሉ ሥራዎች የትረካውን ረቂቅ ብዙውን ጊዜ አዘጋጆቹ ይጽፉታል፤ እሳቸው ቃላቱን በራሳቸው አነጋገር አስተካክለው ምስሉ ከተቀናበረ በኋላ ስቱዲዮ ገብተው ያነቡታል። ስለዚህ «ተራኪው አይቶታል» የሚለው ስሜት ራሱ ትረካው የሚፈጥረው ነገር ነው፤ መምህርት የጠየቁትም ይህንኑ ይመስለኛል።

ዲስክ ገዢ
ፕላኔት ኧርዝ ከተነሳ እኔ የደረሰብኝን ልናገር። ሙሉውን ተከታታይ በዲስክ አዝዤ ሲደርሰኝና ስከፍተው የጠበቅሁት ድምፅ አልነበረም፤ የምትተርከው ሴት ነበረች። ሻጩ በማስታወቂያው ላይ ስለ ተራኪው አንድም ቃል አላሰፈረም፤ ስጠይቀውም «ምስሉ ያው ነው» ብሎ መለሰልኝ። ገንዘቤን አልመለሰም። ይህ እንዴት ያው ሊሆን ይችላል? ዓመታት የለፉበትን ምስል ይዞ ድምፁን መቀየር ሥራውን መቀየር ነው።

ሦስተኛ ረድፍ
በእኔም ላይ ደርሷል። ሻጮች ይህን የመግለጽ ግዴታ ሊኖርባቸው ይገባል፤ ሸማቹ የሚገዛው ምስሉን ብቻ አይደለም።

ዘወትር ተመልካች
እንግዲህ ያልኩት ይኸው ነው። ትክክለኛው አንድ ነው።

ቅንብር ክፍል
ለዲስክ ገዢ፦ የደረሰዎት በአሜሪካ በዲስከቨሪ ቻናል የተላለፈው ዝግጅት ነው፤ ተራኪዋ ተዋናይት ሲጎርኒ ዊቨር ናት። ከመግዛትዎ በፊት የማሸጊያውን ጀርባ ይመልከቱ፤ የተራኪው ስም በአብዛኛው እዚያ ይገኛል። ከተራኪው ሌላ ደግሞ የክፍሉን ርዝመት ያረጋግጡ። ቢቢሲ በብሪታንያ ሲያስተላልፈው በእያንዳንዱ ክፍል መጨረሻ የቀረጻውን ሂደት የሚያሳይ አሥር ደቂቃ ያህል ነበረው። ለመምህርት ከዋናው ክፍል ይልቅ የሚጠቅማቸው ያ አሥር ደቂቃ ነው፤ አንድ ትዕይንት ስንት ወር እንደጠየቀና ስንት ጊዜ እንደከሸፈ የሚነገረው በዚያ ብቻ ነውና።

ብርሃንና ጥላ
ስለ ረጅም ቀረጻ ከሆነ የእኔ ጥቆማ ሳይቆራረጥ ለብዙ ደቂቃ የሚዘልቅ ምስል ያለበት ፊልም ነው። ካሜራው ሳይቋረጥ ሲከተል ማጭበርበር አይቻልም።

መምህርት
አመሰግናለሁ፤ ሆኖም «ረጅም» ያልኩት ቀረጻው የወሰደውን ዘመን እንጂ የአንዱን ምስል ርዝመት አይደለም። እንዲያውም የሚያሳስበኝ ተቃራኒው ነው፦ ብዙ ዘመን የተቀረጸው በአጫጭር ቁርጥራጭ ሲገጣጠም።

ወፍ አጥኚ
እንግዲያው የሚፈልጉት በ2005 የወጣው የሉክ ዣኬ የፔንግዊኖች ፊልም ነው። ምስሉ አንድ፣ ትረካው ሁለት የሆነበት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በፈረንሳይኛው ዝግጅት ተዋንያን የፔንግዊኖቹን ድምፅ ሆነው በአንደኛ መደብ ይናገራሉ፤ ወላጆቹና ጫጩቱ ስለ ራሳቸው ያወራሉ፤ ሙዚቃውም የኤሚሊ ሲሞን ዘፈኖች ናቸው። ለአሜሪካ ሲዘጋጅ እነዚያ ድምፆች በሙሉ ወጥተው የሞርጋን ፍሪማን ትረካ ገባ፤ ሙዚቃውም በአሌክስ ወርማን እንደ አዲስ ተሠራ። በአንዱ ወፏ ራሷ ትናገራለች፤ በሌላው አንድ ሽማግሌ ስለ እርሷ ይነግረናል። ሁለቱንም ለተማሪዎችዎ አከታትለው ቢያሳዩ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግዎትም።

የቀረጻውም ነገር የሚጠቅምዎት ይመስለኛል። ሁለት የካሜራ ባለሙያዎች አንታርክቲካ ውስጥ በፈረንሳይ የምርምር ጣቢያ አጠገብ አሥራ ሦስት ወር ያህል ቆይተው ወደ 120 ሰዓት የሚደርስ ፊልም ቀርጸዋል። ለሕዝብ የቀረበው ከአንድ ሰዓት ተኩል ያነሰ ነው፤ ይህም ማለት ከተቀረጸው ከሰማንያ ደቂቃ አንዱ ብቻ ተመርጧል ማለት ነው። የንጉሠ ነገሥት ፔንግዊን በመልክ ከጓደኛው አይለይም፤ በመንጋው ውስጥም ሺዎች አሉ። ተራኪው «አባትየው» ሲል በመጋቢት የተቀረጸውና በሐምሌ የተቀረጸው ወፍ አንድ መሆኑን ተመልካቹ የሚያረጋግጥበት ምንም መንገድ የለውም። አንድ ቤተሰብ የሚያደርገው ቃሉ ነው።

ከፊልሙ ወጥተው ብዙዎች የሚያስታውሱት ፍቅርን ነው። የወፎቹ ሕይወት ግን ከዚያ ይለያል፤ ጥንዶቹ ለአንድ የመራቢያ ወቅት የጸኑ ሲሆኑ አብዛኞቹ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ አጣማሪ ይይዛሉ። ጎጆ ስለሌላቸው የሚገናኙበት የታወቀ ቦታ የለም፤ ወቅቱም አጭር ስለሆነ የዘገየውን መጠበቅ ትውልድ ማጣት ይሆናል። ምስሉ ይህን አይክድም። ነገር ግን ፊልሙ የሚያሳየው አንዱን ዓመት ብቻ ስለሆነ የሚቀጥለውን ዓመት ተመልካቹ በልቡ ይሞላዋል።

ሦስተኛ ረድፍ
ታዲያ ውሸት ነው ማለት ነው? እስከ ዛሬ ሲያስለቅሱን የኖሩት በሺህ የሚቆጠሩ ተዋንያን ወፎች ከሆኑ፣ ለሽልማቱ መድረክ አልበቃቸውም ነበር!

ወፍ አጥኚ
ወንድሜ፣ ውሸት አላልኩም። ወፎቹ የሚያደርጉት ሁሉ እውነት ነው፤ እንቁላሉን እግሩ ላይ ይዞ ሁለት ወር ያህል የሚቆመው አባት በእርግጥ አለ። የተሠራው «ይህኛው ያኛው ነው» የሚለው ትስስር ነው።

ቅንብር ክፍል
በዚህ ላይ ልጨምር፤ የእኔም ሥራ ይኸው ስለሆነ ዝም ማለት አልችልም። በ2016 የተላለፈው ፕላኔት ኧርዝ ሁለት በጋላፓጎስ፣ በፈርናንዲና ደሴት፣ ከአሸዋ የወጣ የኢጓና ጫጩት ከእባቦች የሚያመልጥበት ትዕይንት አለው። በኋላ አዘጋጇ ትዕይንቱ የአንድ ጫጩት ብቻ እንዳልሆነ፣ ከሌሎች ጫጩቶች ቀረጻም እንደተሟላ በግልጽ ተናግራለች። ለክፍል የምመርጠው ይህን ነው፤ ምክንያቱም እንዴት እንደተሠራ ከምስሉ ራሱ ማንበብ ይቻላል።

አሠራሩን በዝግታ ይመልከቱት። መጀመሪያ ጫጩቱ ከአሸዋው ራሱን ያወጣል። ቀጥሎ የእባብ ራስ በድንጋይ መካከል ይታያል። ቀጥሎ የጫጩቱ ዓይን በጣም ተጠግቶ ይታያል። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ቅጽበት የሆኑ ይመስላሉ፤ ሆኖም ከሩቅ በሚቀርጽ ትልቅ ሌንስ የሚሠራ ካሜራ ሰፊውን ሩጫና የዓይኑን ቅርበት በአንድ ጊዜ ሊይዝ አይችልም። ሁለት ካሜራ እንኳ ቢኖር ሁለቱም በዚያ ሰከንድ በዚያው ጫጩት ላይ መዋል አለባቸው። ስለዚህ ተማሪዎቹ የጥላውን አቅጣጫና ርዝመት፣ የአሸዋውን እርጥበት፣ በጫጩቱ ቆዳ ላይ ያለውን ነጠብጣብ ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው ያነጻጽሩ። አንዱ ልዩነት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ሁለት ሦስቱ ሲደራረቡ ግን መገጣጠሙን ይናገራሉ። ድምፁም እንደዚያው ነው፦ በዚያ ርቀት የእባብ መንሸራተት በማይክሮፎን አይያዝም፤ እንዲህ ያለ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ኋላ በስቱዲዮ የሚሠራ ነው።

አሁን የረጅም ቀረጻ ጥቅሙ እዚህ ላይ ይገለጣል። ቡድኑ አንድ ቀን ብቻ ቢቆይ የሚኖረው የአንድ ጫጩት የተቆራረጠ ሩጫ ነበር። ብዙ ሲቆይ ብዙ ሩጫ ይኖረዋል፤ ከእያንዳንዱም የተሻለውን ቁራጭ ወስዶ ማንም ጫጩት በሙሉ ያልሮጠውን ሩጫ ይሠራል። ተራኪው ለአንድ ጫጩት እንደሚናገር ሆኖ ሲቀጥል ስፌቱ ይጠፋል።

ዲስክ ገዢ
የእኔ ዲስክ ውስጥ ታዲያ ይህ ሁሉ አለ ወይስ ተቆርጧል? የርዝመቱን ነገር ካነሱ ወዲህ ሌላም የጎደለ ያለ ይመስለኛል።

ሦስተኛ ረድፍ
ኢጓናው ያለው በ2016ቱ ነው፤ የእርስዎ የ2006ቱ ነው። አንድ ክፍል ይክፈቱና ሰዓቱን ይመልከቱ፤ አርባ ደቂቃ ገደማ ከሆነ ተቆርጧል፤ ሃምሳ አካባቢ ከሆነ ዋናው አለ፤ አንድ ሰዓት ከደረሰ የቀረጻው ሂደትም አብሮ አለ ማለት ነው። የማስታወቂያውን ገጽ ምስል ካስቀመጡት ለሻጩ የሚላከውን ደብዳቤ አብረን እናርቅቀዋለን።

ዘወትር ተመልካች
በዚህ ሁሉ ክርክር እኔ አልተለወጥኩም። የአተንቦሮን ድምፅ ስሰማ አምናለሁ፤ በፍሮዝን ፕላኔትም አምኛለሁ።

ወፍ አጥኚ
ፍሮዝን ፕላኔትን መጥቀስዎ መልካም ነው። በ2011 በተላለፈው በዚያ ሥራ አዲስ የተወለዱት የዋልታ ድብ ግልገሎች የተቀረጹት በአውሮፓ በሚገኝ የእንስሳት ማቆያ ነው፤ ከፊቱና ከኋላው ያሉት ምስሎች ግን የዱር በረዶ ናቸው። ትረካው ግልገሎቹ በዱር ተቀረጹ አላለም፤ በረዶው ሥር ስላለው ሕይወት በጥቅሉ ተናገረ እንጂ። አሠራሩም በቢቢሲ ድረ ገጽ ላይ ተገልጾ ነበር። በዱር ዋሻ ውስጥ ካሜራ ማስገባት እናቲቱን ሊያውክና ግልገሎቹን ሊያስገድል ስለሚችል ምክንያቱን እቀበለዋለሁ። ነገር ግን ከመተረክ ይልቅ ዝም ማለት ያሳመነበት ቦታ ነውና ለተማሪዎቹ ይህንንም ያሳዩአቸው።

መምህርት
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ እንስሳው በእርግጥ አንድ የሆነበት ሥራ አለ? ከተገጣጠመው ጋር ጎን ለጎን ለማቅረብ አስቤ ነው።

ቅንብር ክፍል
በ2018 የተላለፈውን ዳይናስቲስን ይመልከቱ። በሴኔጋል ፎንጎሊ ይኖር የነበረው ዴቪድ የተባለው ቺምፓንዚ ተመራማሪዎች ለዓመታት በስም ያውቁት የነበረ ነው፤ በሕንድ ባንዳቭጋር የተቀረጸችው ራጅ ቤራ የተባለችው ነብርም በቆዳዋ መስመር ትለያለች። እዚያ «እርሱ» ሲባል እርሱው ነው።

ወፍ አጥኚ
በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ማንነቱ አንድ ቢሆንም ለዓመታት ከተቀረጸው የሚመረጠው ግጭትና ቁስል ነው፤ ብዙውን የቀኑን ሰዓት በመብላትና በመተኛት የሚያሳልፈው ቺምፓንዚ ከፊልሙ ውጭ ቀርቷል። በዚያው ተከታታይ የፔንግዊን ክፍል ቡድኑ በበረዶ ገደል የተያዙት ወፎች እንዲወጡ መንገድ ቆፍሮላቸዋል፤ ይህንንም ለተመልካች አሳይቷል። ካሜራው ጣልቃ የገባበት ሰዓት እንዲህ በግልጽ ሲነገር ማየት ብርቅ ነው፤ ምርጫው ግን በየደቂቃው ጣልቃ ይገባል፤ እርሱን የሚነግረን የለም።

ቅንብር ክፍል
ምርጫ ከሌለ ፊልም የለም። እኔ የምለየው መምረጥን ከማገናኘት ነው።

ወፍ አጥኚ
እኔ ደግሞ ሁለቱን የሚለየው መስመር የት እንደሆነ አይታየኝም። የስድስት ወር ዕረፍት ወጥቶ ሁለት ግጭት ጎን ለጎን ሲቀመጥ እርሱም ማገናኘት ነው።