ስም ከማውጣታችን በፊት መመሪያው ላይ ተቸግረናል

ሰላም ለሁላችሁ። ከእህቴ ጋር ምጥን ሽሮና በርበሬ አሽገን ልንሸጥ ነው፤ ስም ግን ገና የለንም። ሰው ሰብስበን ስም ማዋጣት ከመጀመራችን በፊት አንድ ገጽ መመሪያ እየጻፍን ነው፦ ለማን ነው፣ ቃናው ምን ይምሰል፣ ርዝመቱ እስከ ስንት፣ የትኞቹ ቃላት አይገቡም።

የማይገቡት ቃላት አላስቸገሩንም። "ሽሮ"፣ "ጣዕም"፣ "ምርጥ"፣ "ባልትና" ወጥተዋል። ምርቱን ብቻ የሚገልጽ ቃል በንግድ ምልክትነት ማስመዝገብ ይከብዳል፣ መደርደሪያ ላይም ከሌላው አይለየንም። ቃናው ላይ መጀመሪያ "ባህላዊ ግን ዘመናዊ" ብለን ነበር፤ ይሄ አንድም ስም አልጣለልንም። "ጎረቤት ለጎረቤት የሚጠራው ዓይነት፣ ማዕረግ ያልሆነ" ብለን ስንቀይረው ግን "ንግሥት" እና "ዘውድ" ወዲያው ወደቁ። በጣም የረዳን ይሄ ነው።

የከበደን ርዝመቱ ነው። ገዢዎቻችን ሁለት ዓይነት ናቸው፦ አዲስ አበባ ያለች ሥራ የሚበዛባት እናት፣ እና ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያደገ፣ አማርኛ የሚሰማ ግን የማያነብ ወጣት። ከአራት ፊደል አይብለጥ ብለን ጻፍን። ለሙከራ "ጥንቅሽ"ን ወሰድን፤ በአማርኛ አራት ፊደል ነው፣ በላቲን ሲጻፍ ግን ሰባት ይሆናል፣ "ጥ" ደግሞ ተራ "ት" ሆና ትነበባለች። ገደቡን በላቲን ስድስት ብናደርገው ደህና ደህና የአማርኛ ስሞች ገና ሳይታዩ ይወድቃሉ። ከረጢቱ ጠባብ ስለሆነ ገደቡን መተው አንችልም፣ ሁለቱም ጽሑፍ ፊት ለፊት መውጣት አለበት።

እንዲህ ዓይነት መመሪያ የሠራችሁ ካላችሁ፣ የርዝመት ገደቡን በምን ለካችሁት፦ በአማርኛው ፊደል፣ በላቲኑ፣ ወይስ ስሙ ሲጠራ በሚሰማው የድምፅ ብዛት?