አባሪ ፋይል ስንልክ ተቀባዩ የትኛውን እንደሚከፍት እንዴት ይወቅ?

የሳቢያኗ፦ ድሬዳዋ አንድ አስመጪ ቢሮ ነው የምሠራው። ለትራንዚተራችን አራት ፋይል በኢሜይል ላክሁ። የጻፍኩት «ሰነዶቹ ተያይዘዋል» ብቻ ነበር። ሁለቱ `Invoice final.pdf` እና `Invoice final 2.pdf` ይባላሉ። እሱ አሮጌውን ከፍቶ ዲክላራሲዮኑን በድሮው ዋጋ ሞላው። ስሙን እንዴት ልጻፍ? መልእክቱ ላይስ ምን ልበል?

የከዚራው፦ አቦ፣ ቀን ጻፊበት፣ አለቀ። እኔ የምሰይመው `2017-02-12.pdf` እያልኩ ነው። ራሱ በተራ ይደረደራል።

ትራንዚት ላይ ያለሁ፦ ወንድሜ፣ ቀኑ ጥሩ ነው፤ ግን ፋይሉ ምን እንደሆነ አይናገርም። ደግሞ ያንተ 2017-02-12 ጥቅምት 12 ነው። ጅቡቲ ያለው ሰው ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2017 ብሎ ያነበዋል፤ ሰባት ዓመት ያለፈው ሰነድ ይመስለዋል። ከአገር ለሚወጣ ሰነድ በፈረንጆቹ 2024-10-22 ብለህ ጻፍ።

እህቴ፣ እኔ ኢሜይል የምከፍተው ብዙ ጊዜ ቆሜ፣ በስልክ ነው። ስልኩ ረጅም ስም ይቆርጣል። ያንቺ ሁለት ኢንቮይሶች የሚለያዩት መጨረሻ ላይ ባለችው «2» ብቻ ነው። የሚለየው ነገር ፊት ይምጣ፦

```
1_CORRECTED_Invoice_0457_2024-10-22.pdf
2_PackingList_0457.pdf
3_BL_0457.pdf
```

0457 የኢንቮይሱ ቁጥር ነው እንበል። ሦስቱም ላይ ስላለ የአንድ ጭነት ሰነዶች መሆናቸው ያስታውቃል። አሮጌውን ጨርሶ አታያይዢው።

መልእክቱን ከሰላምታው ቀጥሎ እንዲህ በይ፦ «ሦስት ፋይል አያይዣለሁ። ዲክላራሲዮኑ የሚሞላው በ1ኛው፣ በተስተካከለው ኢንቮይስ ነው። 2ኛው ፓኪንግ ሊስቱ፣ 3ኛው ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ነው። ትናንት የላክሁት Invoice final.pdf ተሽሯል፤ እባክዎ አይጠቀሙበት።» ብዛቱን መጻፍሽ ይጠቅማል። ሦስት ብለሽ ሁለት ከደረሰኝ ወዲያው እደውላለሁ።

የሐረሯ፦ እኔ ሥራ እየፈለግሁ ነው። ሲቪዬን `CV.pdf`፣ የዲግሪዬን ፎቶ `IMG_2034.jpg` ብዬ ስልክ ቆየሁ። አንድ ቀጣሪ ደውሎ «ዲግሪሽን አላያያዝሽም» አለኝ። ለካ ፎቶውን አልከፈተውም! አሁን በስሜ እጀምራለሁ፣ ከዚያ `Degree` እላለሁ። ግን ሁሉንም በአንድ ዚፕ መላክ አይሻልም?

ትራንዚት ላይ ያለሁ፦ ለሁለት ለሦስት ፋይል ዚፕ ባትልኪ ይሻላል። ውስጡ ያለው ስም ሳይከፈት አይታይም፤ በስልክም ያስቸግራል።

የሳቢያኗ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። ለከተማው ቢሮዎች ስሙን በአማርኛ ብጽፈውስ?

ትራንዚት ላይ ያለሁ፦ እኛ ጋ ችግር የለውም። ጅቡቲ የሚሄደውን ግን በእንግሊዝኛ።

የከዚራው፦ እኔ ግን አንዴ በአማርኛ የሰየምኩት ፋይል ሰውየው ኮምፒውተር ላይ አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ሆኖ ታየ።

የሐረሯ፦ እኔ ሁሌ በአማርኛ ነው የምሰይመው፤ እስካሁን ማንም አላማረረም።