ሽሮ ሲሸተኝ ጨጓራዬ ይነሳል፤ ኦሜፕራዞሉስ ለምን አልሠራም?

የሰሚት ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ። ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት ነው የምጾመው። 8 ሰዓት ላይ የጎረቤት ሽሮ ሲንተከተክ ገና ከሽታው ደረቴ ሥር ያቃጥለኛል። ምንም ሳልበላ አሲዱ ከየት መጣ? ሐኪም ኦሜፕራዞል 20 ሚሊግራም «ከምግብ በፊት» ብሎ አዞልኛል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በአንድ ጉንጭ ውሃ እውጠዋለሁ። 6ኛ ቀኔ ነው፤ ለውጥ የለም። እንዲያውም በልቼ 11 ሰዓት ሲሆን ይብስብኛል።

የደሴው
ወንድሜ፣ ነገሩ የነርቭ ነው። አሲድ የሚያመነጨው ጭንቅላትህ ነው። ምግብ አታስብ፣ ወጥ ቤት አካባቢም አትቁም። ማታ ማታ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ወተት ጠጣበት፣ አሲዱን ድራሹን ያጠፋልሃል።

የሰሚት ልጅ
በሁዳዴ ወተት?

የደሴው
ውይ! ከፋሲካ በኋላ ማለቴ ነው።

የኪዳኔ እናት
ልጄ፣ በመድኃኒት ጾም ይፈርሳል ብለህ ከሆነ የምትጨነቀው አትጨነቅ። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያንም ታዝናለች። ንስሐ አባትህን አማክር፣ እሳቸው ይነግሩሃል።

የሰሚት ልጅ
እማዬ አመሰግናለሁ። እሱን አማክሬያለሁ፤ ለመድኃኒቱ ውሃ ተፈቅዶልኛል። የእኔ ጥያቄ ለምን አልሠራም ነው።

መምህሩ
ፊዚዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ትንሽ ካስረዘምኩ ይቅርታ። ደሴው ስለ ነርቭ ያለው እውነት ነው፤ ግን የታሪኩን መጀመሪያ ብቻ ነው የነገረህ።

ሽሮው ሲሸትህ ከአንጎል ግርጌ የሚነሳ መልእክት ቫገስ በሚባለው ረጅም ነርቭ ወደ ጨጓራ ይወርዳል። ይህን በውሾች ላይ ያሳየው ሩሲያዊው ፓቭሎቭ ነው። ውሾቹ የሚውጡት ሥጋ ጨጓራቸው ሳይደርስ አንገታቸው ላይ በተከፈተ ቀዳዳ እንዲወድቅ አደረገ። አንዲት ቁራሽ ሆዳቸው አልገባችም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን የጨጓራ ጭማቂያቸው ይፈስ ጀመር። ቫገስን ሲቆርጠው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1904 ኖቤል የተሸለመው በዚህ በምግብ መፈጨት ሥራው ነው፤ ሰው ግን የሚያስታውሰው ውሾቹን ምራቅ ያስዝረበረበበትን ደወል ብቻ ነው።

በሰው ላይ ሲገመት፣ አንድ ማዕድ ከሚያስመነጨው አሲድ ሲሶው ያህል በዚህ መንገድ የሚመጣ ነው። ማየት፣ ማሽተት፣ ማኘክ ሁሉም ይቆጠራል። ሲሶ ብቻ ከሆነ ለምን እንዲህ ያቃጥላል ትለኝ ይሆናል። ጨጓራህ ባዶ ስለሆነ ነው። እንጀራና ሽሮ ሲገባ አሲዱን ይመጠዋል፤ ባዶ ሆድ ላይ ግን ጥቂቱም የሚያለዝበው የለም።

ዋናው ሥራ የሚጀመረው 9 ሰዓት ላይ ስትበላ ነው። ጨጓራህ ይለጠጣል፤ የሽንብራው ፕሮቲንም ሲፈራርስ ከጨጓራው በታችኛው ጫፍ ያሉ ሴሎችን ይነካል። እነሱ ጋስትሪን የተባለ ሆርሞን ወደ ደም ይለቃሉ። ጋስትሪኑ በደም ዞሮ እዚያው ጨጓራ ላይኛው ክፍል ይደርሳል። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በአብዛኛው አሲድ አመንጪውን ሴል በቀጥታ አያዘውም። አጠገቡ ያለ ሌላ ሴል ሂስታሚን እንዲለቅ ያደርጋል፤ አመንጪውን የሚቀሰቅሰው ሂስታሚኑ ነው። ድሮ በየፋርማሲው የነበረው ሲሜቲዲን የሚዘጋው ይህን የሂስታሚን በር ነበር። ነርቩም እዚያው አመንጪ ሴል ላይ የራሱን መልእክት ያደርሳል። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው አሲድ ለየብቻ ከሚያስወጡት ድምር ይበልጣል።

ይህ ሁሉ ሲነዳ ፍሬን ባይኖረው አንጀታችን ይቃጠል ነበር። ፍሬኑ ራሱ አሲዱ ነው። ምግቡ ወደ አንጀት ሲወርድ አሲዱን የሚመጠው ነገር ይቀንሳል። ፒኤቹ ከ3 በታች ሲወርድ፣ ማለትም አሲዱ ሲበረታ፣ ሶማቶስታቲን የሚባል ሌላ ሆርሞን ይለቀቅና ጋስትሪኑን ያስቆመዋል። አንጀት ውስጥ የገባው ዘይትም በበኩሉ «ቀስ በሉ» የሚል ምልክት ይልካል።

የአንተን 11 ሰዓት በተመለከተ፣ ከበላህ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ምግቡ እየወረደ ነው፣ አመንጪዎቹ ግን ገና አልበረዱም። ከበላህ በኋላ ግን ጋደም ትላለህ እንዴ?

የሰሚት ልጅ
እህ... እውነት ለመናገር፣ እተኛለሁ። ከሥራ የምወጣው 8 ሰዓት ስለሆነ በልቼ ሶፋ ላይ ነኝ።

መምህሩ
እንግዲያው የ11 ሰዓቱ የጨጓራው ነው ወይስ ወደ ጉሮሮ የሚመለሰው ቃር ነው የሚለውን ከዚህ ሆኜ መለየት አልችልም። ለሦስት ቀን በልተህ ሳትተኛ ቆይ። ከቀነሰ አንድ ነገር አወቅን።

ፋርማሲስቷ
የኪኒኑን እኔ ልመልስ፣ ምክንያቱም ይህን ስህተት በቀን ውስጥ ደጋግሜ ነው የማየው።

አሲድ አመንጪው ሴል አሲዱን የሚያወጣው በፓምፕ ነው። በጾም ሰዓት አብዛኛው ፓምፕ ሴሉ ውስጥ ተጣጥፎ ተኝቷል። መምህሩ ያሉት ነርቭና ሆርሞን ሲቀሰቅሱት ነው ወደ ሴሉ ጠርዝ ወጥቶ ሥራ የሚጀምረው። ኦሜፕራዞል የሚይዘው ደግሞ በሥራ ላይ ያለን ፓምፕ ነው። የተኛውን አይነካም። በደም ወደ ሴሉ ሲደርስ መድኃኒቱን የሚያነቃው እዚያ ፓምፑ የሚያወጣው አሲድ ራሱ ነው።

አሁን የአንተን ሰዓት እንቁጠር። 1 ሰዓት ላይ ዋጥህ። ኪኒኑ አንጀት ደርሶ ደምህ ውስጥ ይገባል። ከደም የሚጠፋው ግን ቶሎ ነው፤ በየአንድ ሰዓቱ ገደማ ግማሹ ይሄዳል። አንተ 9 ሰዓት ላይ ስትበላ 8 ሰዓት አልፎታል። ፓምፖቹ በሙሉ ኃይል ሲነሱ መድኃኒቱ አልቋል። ሌባው ሳይመጣ ዘበኛው ፈረቃውን ጨርሶ ቤቱ ገባ ማለት ነው።

ውሃ ተፈቅዶልኛል ስላልክ መፍትሔው ቀላል ነው። ከምትበላበት ሰዓት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድመህ ዋጠው። 8 ሰዓት ተኩል ላይ ይሁን፣ ወይም 9 ላይ በውሃ ውጠህ 9 ተኩል ብላ። ካፕሱሉን ፈተህ ውስጡን አታኝከው፤ ወደ ደም ሳይገባ ገና ጨጓራ ውስጥ አሲድ ካገኘው ስለሚበላሽ ነው እንክብሎቹ የተሸፈኑት። በአንድ ቀን ለውጥ አትጠብቅ። በአንድ ማዕድ ሁሉም ፓምፕ አይነሳም፣ ስለዚህ የሚያዘውም በየቀኑ የተወሰነው ነው። የተያዘው ግን እንደተያዘ ይቀራል፤ ሴሉ አዲስ መሥራት አለበት። ሙሉ ውጤቱ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይፈጃል። የቆጠርካቸውን 6 ቀናት እርሳቸውና ከዜሮ ጀምር።

የሰሚት ልጅ
እህቴ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ከሽሮው ጋር ተፋጥጬ ልቀመጥ ነው?

ፋርማሲስቷ
ተፋጠጥ! ሽታው ፓምፖቹን ስለሚቀሰቅስ ለእኔ ሥራ ያግዘኛል።

የጎፋዋ
የነርቩን ነገር ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ። በደርግ ጊዜ የአንጀት ቁስል ኖሮበት በቀዶ ጥገና ነርቩን ቆረጡለት። ቁስሉ ዳነ። ግን ሙሉ ምግብ በበላ ቁጥር ሆዱ ይነፋና ያስመልሰው ነበር፤ ቆይቶም ተቅማጥ አለቀቀውም። አሲድም ጨርሶ አልጠፋለትም። ነርቩ ከተቆረጠ እንዴት ይቀራል?

መምህሩ
ቫገስን መቁረጥ ድሮ ዋና ሕክምና ነበር፤ በተለይ ከ1940ዎቹ ወዲህ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር። አሲዱ በብዙ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፣ ምክንያቱም የጋስትሪኑ መንገድ ነርቩ ሳይኖርም ይሠራል። ምግቡ ጨጓራን ሲነካ ሆርሞኑ ይለቀቃል። ችግሩ ደግሞ ያው ነርቭ ጨጓራን ዘና የሚያደርገውና ምግቡን ወደ አንጀት የሚገፋውም መሆኑ ነው። ለዚህ ነበር ሐኪሞቹ አብረው የጨጓራውን መውጫ የሚያሰፉት። የአባትሽ መንፋትም ተቅማጥም ከዚያ ቀዶ ጥገና በኋላ የታወቀ ነው። ሲሜቲዲን፣ ቀጥሎም ኦሜፕራዞል ሲመጡ ቢላዋው ቀረ።

የደሴው
እሺ፣ ወተቴንስ ለምን ዘለላችሁት? እኔን እኮ ወዲያው ነው የሚያበርድልኝ።

ፋርማሲስቷ
ወዲያው ያበርዳል፣ አልዋሸህም። ወተት አሲዱን ይመጠዋል። ግን ፕሮቲንና ካልሲየም አለው፤ ሁለቱም ጋስትሪን ያስነሳሉ። ትንሽ ቆይተህ ሌላ ብርጭቆ የምትፈልገው ለዚህ ነው።

የደሴው
እኔማ ሁለት ነው የምጠጣው። 😅

የጎፋዋ
ጠያቂው፣ የጨጓራና የአንጀት ቁስል የሚያመጣውን ባክቴሪያ፣ ኤች ፓይሎሪን፣ ተመርምረሃል? አባቴ ላይ ያኔ ማንም አላሰበውም ነበር።

የሰሚት ልጅ
አዎ፣ የሰገራ ምርመራ አሠርቻለሁ፤ «የለም» ተብያለሁ። ያን ጊዜ ግን ከዚህ ቀደም የገዛሁትን ኦሜፕራዞል ለወር ያህል እየዋጥኩ ነበር።

ፋርማሲስቷ
ያ ውጤት ላይ አትተማመን። ኦሜፕራዞል ባክቴሪያውን ስለሚያዳክመው፣ እያለም «የለም» ሊያሰኝ ይችላል። ከምርመራው በፊት ሁለት ሳምንት ማቆም ያስፈልጋል፤ መቼ እንደምታቆም ግን ያዘዘልህ ሐኪም ይወስን።

መምህሩ
ባክቴሪያው ከዚሁ ጉዳይ አይርቅም። በጨጓራው ታችኛ ጫፍ ሲቀመጥ ያንን ፍሬን፣ ሶማቶስታቲኑን፣ ያላላዋል። ጋስትሪኑ ከሚገባው በላይ ይነሳል፣ አሲዱም ይበዛል። የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ቁስል የሚያመጣው አንዱ መንገድ ይህ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር። ኦሜፕራዞል ለወራት ሲወሰድ አሲዱ ስለሚያንስ ፍሬኑ አይያዝም፤ ጋስትሪኑ ከፍ ብሎ ይቆያል፣ ሂስታሚን ለቃቂዎቹም ይበረታሉ። በድንገት ስታቆም ለተወሰኑ ሳምንታት አሲዱ ከድሮው ብሶ ሊመጣ ይችላል። ይህን ያየ ሰው «በሽታዬ ተመለሰ» ብሎ ወደ ኪኒኑ ይሮጣል። አንተም ያን ወር ጨርሰህ ስታቆም እንዲህ ሆኖብህ ከነበረ ለሐኪምህ ንገር። ጥቁር ሰገራ፣ ደም ማስመለስ፣ የመዋጥ ችግር ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ካየህ ደግሞ ይህን ሁሉ ተወውና ዛሬውኑ ሂድ።

የሰሚት ልጅ (ከ8 ቀን በኋላ)
ልንገራችሁ ብዬ ተመለስኩ። 9 ላይ በውሃ እየዋጥኩ 9 ተኩል እበላለሁ፣ ከዚያም አልተኛም። የ11 ሰዓቱ ከሞላ ጎደል ለቆኛል። የቱ እንደረዳኝ አላውቅም፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የጀመርኩት። የ8 ሰዓቱ የሽሮ ሽታ ግን ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

መምህሩ
ኪኒኑ ፓምፑን እንጂ ነርቩን አይዘጋም፤ በቀኑ ውስጥ አዲስ የተሠሩ ፓምፖችም አሉ። የቀረው ግን በእርግጥ አሲድ መሆኑን አልምልልህም። የራበው ጨጓራ ሲኮማተርም እንዲሁ ይሰማል።

የሰሚት ልጅ
ሐኪሙ ከፋሲካ በኋላ ኪኒኑን ሁለት ሳምንት አቁሜ ምርመራውን እንድደግም ነግሮኛል። ያን ሰሞን ቤቱ በዶሮ ወጥ እየሸተተ እንዴት እንደምወጣው እንጃ።