«ወሰን የለሽ» ዝርግ ሲባል ምን ማለት ነው?

ትርጉም ፈላጊ (ባሕር ዳር)

ጤና ይስጥልኝ። ለታናሽ ወንድሜ የዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ማስታወሻውን ወደ አማርኛ እየመለስኩለት ነው። ማስታወሻው ቻርጅ በእኩል የተሰራጨበትን ክብ ዝርግ ይወስድና ከመሐሉ ቀጥ ብሎ በሚወጣው መስመር ላይ ፖቴንሻሉንና ኤሌክትሪካዊ መስኩን ያሰላል። ከዚያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ «የክቡ ሬዲየስ ወሰን የለሽ ሲሆን መስኩ በየትኛውም ርቀት አንድ ዓይነት ይሆናል» ብሎ ያልፋል። ብዕሬን ያቆመው «ወሰን የለሽ» የሚለው ነው። እንዲህ ያለ ዝርግ በዓለም ላይ ከሌለ ይህ ውጤት የምን ውጤት ነው? ከቻርጁ እየራቅሁ ስሄድስ መስኩ እንዴት አይደክምም? «አእላፍ» ልበለው ብዬም አስቤ ነበር።

የግስ ወዳጅ

«አእላፍ» አይሆንም። እልፍ አሥር ሺህ ነው፤ አእላፍ ብዙ አሥር ሺዎች ናቸው። ስንት ቢበዛም ሊቆጠር የሚችል ነገር ነው። «ወሰን» ግን የእርሻ ድንበር ነው፤ «ወሰን የለሽ» ማለት ድንበር የሌለው ማለት ነው። ቃሉ ትክክል ነው፤ አትንኪው።

ከሆቴል ቤት

እኔ የምሠራው በሐይቁ ዳር ሆቴል ነው። በስብሰባ ሁሉ «የጣና የቱሪዝም ፖቴንሻል» ሲባል እንሰማለን፤ በጽሑፍ ስናወጣው «እምቅ አቅም» እንላለን። ለፊዚክሱም «እምቅ» በቂ አይሆንም? ውስጥ ተቀምጦ ገና ያልወጣ ማለት ነውና።

የጣና ልጅ

ስለ «ወሰን የለሽ» እኔ የማውቀው አለ። በታንኳ ከደንገሉ ወጥተሽ ወደ መሐል ከቀዘፍሽ በኋላ በብዙ አቅጣጫ ዳር አይታይሽም። ሐይቁ ዳር አለው፤ ለአንቺ ግን የለም። ትርጉሙ ይህ ይመስለኛል፦ ዳሩ ለተመልካቹ የማይታይ።

ጡረተኛው መምህር

የጣና ልጅ ግማሹን ይዘኸዋል፤ ጉዳዩ ተመልካቹ ከቆመበት ቦታ ጋር የተያያዘ ነው። ሌላው ግማሽ ግን አይሄድም። የሐይቁን ዳር የሚሸፍነው የምድር ክብነት ነው። የዝርጉን ጠርዝ ምንም አይሸፍነውም፤ ሩቅ ያለው ቻርጅም ሁሉ ይገፋል። ጥያቄው ግፊቱ ስንት ነው፣ ወዴትስ ነው የሚለው ነው።

እህቴ፣ ዝርጉን በመሐሉ ዙሪያ ስፋታቸው እኩል በሆኑ ቀጫጭን ቀለበቶች ከፋፍዪው። አንቺ ከመሐሉ በላይ በ z ከፍታ ላይ ነሽ። ሬዲየሱ s የሆነ ቀለበት ላይ ያለው ቻርጅ ሁሉ ከአንቺ በእኩል ርቀት፣ በ √(s²+z²) ላይ ነው። ፖቴንሻል አቅጣጫ ስለሌለው የየቀለበቱን ድርሻ መደመር ብቻ ይበቃል። σ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ያለው ቻርጅ፣ ε₀ ደግሞ የባዶ ቦታ ኤሌክትሪካዊ ቋሚ ቁጥር ይሁን። ከመሐል እስከ ጠርዙ R ሲደመር ይህ ይወጣል፦

V = (σ/2ε₀)(√(R²+z²) − z)

መስኩን ለማግኘት አዲስ ድምር አያስፈልግም። ፖቴንሻሉ ከፍ ባልን ቁጥር ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚወርድ ማየት ነው፦

E = (σ/2ε₀)(1 − z/√(R²+z²))

ይህ በመስመሩ አቅጣጫ ያለው መስክ ብቻ ነው። ወደ ጎን ያለው አይቀርብንም፤ በአንድ ቀለበት ላይ ፊት ለፊት የተቀመጡ ቻርጆች የጎን ግፊታቸውን እርስ በርስ ያጠፋሉና።

አሁን ወደ ቃሉ። በሁለተኛው ቀመር ውስጥ R ብቻውን ትልቅ ይሁን ትንሽ ይሁን ምንም አይናገርም። የሚናገረው z ከ R ጋር ሲነጻጸር ነው። z ከ R እጅግ ካነሰ ቅንፉ ወደ 1 ይጠጋል፤ የሚቀረው σ/2ε₀ ብቻ ይሆናል፤ ርቀቱ ከቀመሩ ይወጣል። የሳህን ስፋት ያለው ዝርግ ለአንድ ሚሊሜትር ርቀት «ወሰን የለሽ» ነው። የከተማ ስፋት ያለው ዝርግ ለጨረቃ ነጥብ ነው።

የወረዳው ኤሌክትሪሺያን

መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ የተማርኩት σ/ε₀ ነው፤ ሁለቱ የታለ? የኮንደንሰር ሰሌዳዎችን ስናሰላ የምንጠቀመው ያንን ነበር።

ጡረተኛው መምህር

የተማርከው አልተሳሳተም፤ የሌላ ነገር መልስ ነው። በኮንደንሰር ውስጥ ሁለት ሰሌዳዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው σ/2ε₀ ይሰጣሉ፤ በመካከላቸው አንድ አቅጣጫ ስለሚይዙ ይደመራሉ። እዚህ አንድ ዝርግ ብቻ ነው ያለን፤ መስኩም ግማሹ ወደ ላይ፣ ግማሹ ወደ ታች ይወጣል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። የእህታችን ዝርግ ከብረት የተሠራ ሊሆን አይችልም። ብቻውን በቆመ የብረት ክብ ላይ ቻርጁ እርስ በርሱ እየተገፋ ወደ ጠርዙ ይከማቻል፤ «በእኩል የተሰራጨ» የሚለው ያኔ ይፈርሳል። ቻርጅ ከተቀመጠበት የማይንቀሳቀስበትን ነገር፣ ለምሳሌ ፕላስቲክን አስብ።

ትርጉም ፈላጊ

እግዜር ይስጥልኝ መምህር። ግን «እጅግ ካነሰ» ያሉት ስንት ነው? ወንድሜ አንድ አሥረኛ ይበቃል ይላል።

ጡረተኛው መምህር

በቁጥር እንየው። ሬዲየሱ 10 ሳንቲሜትር፣ ቻርጁ በካሬ ሜትር 1 ማይክሮኩሎም ይሁን። ያኔ σ/2ε₀ ወደ 56,500 ቮልት በሜትር ነው። ወንድምሽ እንዳለው አንድ አሥረኛ ላይ፣ ማለትም በ1 ሳንቲሜትር ከፍታ ላይ፣ ትክክለኛው መስክ 50,900 ገደማ ነው። አሥር በመቶ ጎድሏል። ለብዙ ሥራ ይህ ትንሽ አይደለም።

የጉድለቱ መጠን በቀጥታ z/R ነው፤ ስኩዌሩ አይደለም። ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ አንድ አሥረኛ ሲሉ ስሕተቱ አንድ መቶኛ የሚሆን ይመስላቸዋል። ስሕተቱ አንድ በመቶ እንዲሆን ከዝርጉ አንድ ሚሊሜትር ላይ መሆን አለብሽ። በ10 ሳንቲሜትር ከፍታ ላይ፣ ከሬዲየሱ እኩል ማለት ነው፣ መስኩ 16,500 ብቻ ነው። አንድ ሜትር ላይ ደግሞ 280 ይሆናል፤ ቻርጁን ሁሉ መሐል ላይ በአንድ ነጥብ ብትሰበስቢው 282 ባገኘሽ ነበር።

የጣና ልጅ

አንድ ነገር አልገባኝም። መስኩ ለምን አይደክምም ብላ ጠይቃ ነበር፤ ቀመሩ አይደክምም አለ፤ ምክንያቱን ግን አልነገረንም።

ጡረተኛው መምህር

ጥሩ ጠየቅህ። ከመስኩ ግማሹ የሚመጣው ከየት እንደሆነ ብታሰላ፣ በጣም ሰፊ በሆነ ዝርግ ላይ፣ ከበታችህ ሬዲየሱ የከፍታህ 1.73 እጥፍ ከሆነው ክብ ነው። ዘጠና በመቶው ደግሞ አሥር እጥፍ ገደማ ከሆነው ክብ ይመጣል። ከፍታህን በእጥፍ ስትጨምር ያ ክብ ሬዲየሱ በእጥፍ፣ ስፋቱ በአራት እጥፍ ያድጋል። የእያንዳንዱ ቻርጅ ግፊት ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፤ የሚገፋህ ቻርጅ ግን አራት እጥፍ ይሆናል። ሁለቱ እኩል ይካካሳሉ። ክቡ ጠርዙን ሲያልፍ የሚጨመር ቻርጅ ያልቃል፤ መስኩ መድከም የሚጀምረው ያኔ ነው።

ትርጉም ፈላጊ

አሁን መስኩ ገባኝ። ወንድሜ ግን ሌላ ጉድ አምጥቶብኛል። በፖቴንሻሉ ቀመር ውስጥ R ን ያለ ገደብ ሲያሳድገው V ራሱ ያለ ገደብ አደገ። «ወሰን የለሽ ዝርግ ፖቴንሻል የለውም ማለት ነው?» ይለኛል።

ጡረተኛው መምህር

ወንድምሽ ከማስታወሻው ይልቅ ጠንቃቃ ነው። ወደ ቀለበቶቹ እንመለስ። ሩቅ ያለው ቀለበት ርቀቱ ሲያድግ ቻርጁም በዚያው ልክ ያድጋል፤ ፖቴንሻል ደግሞ ቻርጅ ሲካፈል ለርቀት ነው። ስለዚህ ሩቅ ያሉ ቀለበቶች ሁሉ እኩል እኩል ይጨምራሉ፤ ድምሩ ማለቂያ የለውም። መስኩ ላይ ግን ሩቅ ያለው ቀለበት ድርሻው በርቀቱ ስኩዌር ልክ ያንሳል፤ ግፊቱ ወደ ጎን እየተጋደመ የሚጠፋው ስለሚበዛ። ያ ድምር ይቆማል።

መፍትሔው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የሁለት ቦታዎችን ልዩነት ውሰዱ፤ R ን ከዚያ በኋላ አሳድጉ፦

V(0) − V(z) = (σ/2ε₀)(R + z − √(R²+z²))

R ሲያድግ ቅንፉ ወደ z ይጠጋል፤ ልዩነቱ σz/2ε₀ ይሆናል። በቅድሙ ምሳሌ በመሐሉ 5,650 ቮልት አካባቢ አለ፤ ከዚያ እስከ 1 ሳንቲሜትር ከፍታ 537 ቮልት ይወርዳል፤ ወሰን የለሹ ቀመር 565 ይላል። የፈረሰው ፖቴንሻሉ አይደለም፤ «ዜሮው እጅግ ሩቅ ቦታ ላይ ነው» የሚለው ልማዳችን ነው። ዝርጉ ራሱ እዚያ ድረስ ሲደርስ ከቻርጁ የራቀ ቦታ የት ይገኛል? ለእንዲህ ያለው ዝርግ ዜሮውን ዝርጉ ላይ አድርጉት።

የግስ ወዳጅ

ይህ ከሆነ «እምቅ» የሚለውን ልቃወም ነው። እምቅ ስንል በአንድ ቦታ የታመቀ፣ መጠኑ የታወቀ ነገር ያስመስላል። መምህር የሚሉት ግን ትርጉም ያለው ልዩነቱ ነው።

ከሆቴል ቤት

«ፖቴንሻል» ብንለውስ ያንን ለአንባቢ ይነግረዋል? ባዕድ ቃል መሆኑ ብቻ ነው የሚለየው። በቋንቋችን ያለውን ቃል ይዞ ማስረዳት ይሻላል እላለሁ።

ትርጉም ፈላጊ

ስለ ዝርጉ እንዲህ ልጽፍ ነው፦ «ከዝርጉ ያለን ርቀት ወደ ጠርዙ ካለን ርቀት እጅግ ሲያንስ መስኩ σ/2ε₀ ይሆናል»። «ወሰን የለሽ» የሚለውን ከዚህ በኋላ እንደ አጭር ስም አስገባዋለሁ።

ጡረተኛው መምህር

«ወደ ጠርዙ» ማለትሽን ወደድኩት፤ «ከሬዲየሱ» ከማለት ይበልጣል። ከመሐሉ ወጥተሽ ከጠርዙ በላይ ብትቆሚ፣ ለዝርጉ በጣም ብትቀርቢም፣ ቀጥ ብሎ የሚወጣው መስክ ግማሽ ገደማ ብቻ ነው፤ ከበታችሽ ግማሹ ዝርግ የለምና። ወደ ጎን የሚገፋም ይጨመርበታል። ሁለቱ ቀመሮቻችን ለዚያ ቦታ አይሠሩም።

የግስ ወዳጅ

ዓረፍተ ነገሩ ለማስታወሻ ጥሩ ነው፤ ለመዝገበ ቃላት ግን ረዘመ። «ጠርዘ ሩቅ» የሚል ሐሳብ መጥቶልኛል፤ ጆሮ ይቀበለው እንደሆነ ንገሩኝ።

የወረዳው ኤሌክትሪሺያን

ጆሮዬ አልተቀበለውም። «ሰፊ ዝርግ» ይበቃል።

ትርጉም ፈላጊ

«ሰፊ» ካልን ስፋቱ ብቻውን ነገሩን የሚወስን መስሎ ይመለሳል፤ የተነሣሁት ከዚያው ነበር። ስለ «እምቅ» ሌሎቻችሁም የምትሉትን እጠብቃለሁ።