በራንክ ሽንፈት የሚደራረበው «ሆን ተብሎ» ነው?

ሮቤል ሚድ፦ የዶታ 2 ጨዋታ ተጋጣሚና ቲም የሚመድበው ሲስተም ሆን ብሎ 50 በመቶ ላይ ይይዘናል። 4 ካሸነፍክ ቀጥሎ ደካማ ቲም ሰጥቶ 5 ያስሸንፍሃል።

ሳምሪ፦ «ሆን ብሎ» የምትለውን ተው። ስታሸንፍ ኤምኤምአርህ፣ ማለትም የችሎታ ነጥብህ፣ ይጨምራል፣ የሚገጥሙህም ይበረታሉ። ደረጃህ ላይ ስትደርስ ግማሹን ታሸንፋለህ፣ ግማሹን ትሸነፋለህ። ሳንቲም እንኳ 100 ጊዜ ብትወረውር የሆነ ቦታ ላይ አንበሳ ብቻ 5 ጊዜ የመደራረብ ዕድሉ 81 በመቶ ገደማ ነው።

ሮቤል ሚድ፦ እኔ ሳንቲም አይደለሁም! ከደረጃዬ በላይ የምጫወት ሰው ለምን እሸነፋለሁ?

ሳምሪ፦ ከነጥብህ በ200 ትበልጣለህ እንበል። ቲሙ 5 ሰው ስለሆነ አማካዩን ከፍ የምታደርገው በ40 ብቻ ነው። 40 ነጥብ ከነጥብ ልዩነት የማሸነፍ ዕድልን በሚያወጣው በኤሎ ስሌት ሲታይ፦

```
1 / (1 + 10^(-40/400)) = 0.557
```

ከ100 ማች 56ቱን ታሸንፋለህ፣ 44ቱን ትሸነፋለህ። 44 ሽንፈት ውስጥ መደራረብ አይቀርም።

ናሆም፦ ሳምሪ ስሌቷ ልክ ነው፤ ግን «ሆን ብሎ» ከባዶ የመጣ ወሬ አይደለም። የሌላው የጨዋታ ካምፓኒ የኢኤ ተመራማሪዎች በ2017 ተጫዋች ጨዋታውን እንዳይተው ተጋጣሚ የሚመርጥ ዘዴ አሳትመዋል።

ሮቤል ሚድ፦ ይኸው!

ሳምሪ፦ ጽሑፉን አንብቡት እንጂ። የተሞከረው አንድ ለአንድ በሚደረግ ጨዋታ ነው። ደግሞም ጽሑፉ የሚለው 3 ጊዜ ተከታትሎ የተሸነፈ ሰው ለቆ የመሄድ አደጋው ከፍ ያለ ነው። ሊያቆይህ የፈለገ ሲስተም ለምን 5 ያስሸንፍሃል?

ቤቲ፦ የኔ ፒንግ፣ የኢንተርኔቱ መዘግየት፣ ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ከ200 በላይ ይወጣል። ይሄም የሲስተሙ ሥራ ነው?

ሳምሪ፦ አይደለም፤ ግን ጥሩ ነገር አነሳሽ። ነጥብሽን የሠራሽው ቀን በጥሩ መስመር ከሆነ ማታ የምትገቢው ከአቅምሽ በላይ ወደሆነ ማች ነው። ተናዶ ወዲያው «ፈልግ» የሚጫንም እንደዚያው ነው። የማሸነፍ ዕድሉ ከ50 ወደ 45 በመቶ ቢወርድ 5 ተከታታይ ሽንፈት ከ3 በመቶ ወደ 5 በመቶ ይዘላል።

ሮቤል ሚድ፦ ስለዚህ ጥፋቱ የኛ ሆነ ማለት ነው? ካምፓኒው ኮዱን እስካላሳየ «ሆን ብሎ» ማለቴን አልተውም።

ሳምሪ፦ ኮድ አያስፈልግህም። የ200 ማች ታሪክህን አውጣና ከሽንፈት በኋላ ወዲያው የተጫወትከውን ካረፍክ በኋላ ከተጫወትከው ለይ። ወዲያው በተጫወትከው ላይ ብቻ የማሸነፍ መጠንህ ከወደቀ ችግሩ ከቲም ምርጫው አይደለም።

ናሆም፦ 200 አይበቃም። 100 ከ100 ብታወዳድሪ እስከ 14 በመቶ ያለው ልዩነት በዕድል ብቻ ሊመጣ ይችላል።

ሮቤል ሚድ፦ እሺ፣ 1000 አወጣለሁ። ግን ደካማ ቲሜንም አብሬ እቆጥራለሁ።

ሳምሪ፦ የተጋጣሚህንም ደካማ ቁጠር። አንተ ከሌለህበት ቲም ደካማ ሰው የመግባት ዕድሉ በ5 ሰው ነው፤ ባንተ በኩል በ4።